ባዶ መሬት ላይ ያልተሠራ ሕንፃ ማቆም፦ ፎቶው ውስጥ ያለችው ፀሐይ የት ናት?

በቀደም አንድ ልጅ በኮምፒውተር የሠራውን የሕንፃ ምስል፣ ሬንደር የሚባለውን፣ ላከልኝና "ምን ጎደለው?" አለኝ። ሕንፃው በጣም ጥሩ ተሠርቷል፣ መስታወቱም በረንዳውም ቀለሙም ምንም አይወጣለትም፣ ግን ከጀርባው ካለው የሰፈር ፎቶ ጋር ሲታይ ልክ ስቲከር የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ልጁ ችግሩ የማቴሪያሉ ጥራት መስሎት ሦስት ቀን ቴክስቸር ሲቀያይር ነው የከረመው። ችግሩ ግን እዛ ጋ አልነበረም። ፎቶው ላይ የጎረቤቱ አጥር ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል፣ የሱ ሕንፃ ጥላ ደግሞ ወደ ግራ። ይሄን ማንም ተመልካች በቃል አይነግርህም፣ "ደስ አላለኝም" ብሎ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የባዶ ቦታ ፎቶ ላይ ሕንፃ ስናቆም ዋናው ሥራ ሕንፃውን ማሳመር ሳይሆን ፎቶው ሲነሳ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ፀሐይዋ የት እንደነበረችና ጥላው ምን ያህል እንደጠቆረ መልሶ ማግኘት ነው። ለዚህ ደግሞ እኔ የምጠቀመው ውድ እቃ ሳይሆን ነጭ ወረቀት የለበሰ ካርቶን፣ ሲባጎና ጥቂት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ሶፍትዌሩ ብሌንደር የሚባል የ3ዲ ፕሮግራም ነው፣ በነፃ የሚወርድ፣ ግን ሐሳቡ በሌላውም ያው ነው።

ምሳሌውን ከራሴ ሥራ ላምጣው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቦታ ነው፣ መንገዱ በደቡብ በኩል ያልፋል፣ የሚሠራው ጂ+4፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ካለው አጭር ግንብ፣ ከፓራፔቱ ጋር፣ ቁመቱ 18 ሜትር። ፎቶውን ያነሳሁት ጥር 20 ቀን 2017 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ከደቡብ ምሥራቁ ጥግ ሆኜ። ከዛ ሲታይ ሁለት የሕንፃው ፊቶች ይታያሉ፣ ወደ መንገዱ የሚያየው የደቡቡ ፊትና የምሥራቁ ጎን።

መጀመሪያ የሚበላሸው ነገር ፎቶው ራሱ ነው። ሰው ባዶ ቦታ ሲያነሳ ዓይኑ መሬቱ ላይ ስለሆነ ካሜራውን ወደ መሬቱ ይዞ ያነሳል፣ ቤት ሄዶ ሕንፃውን ሲያስገባ አራተኛው ፎቅ ከፎቶው በላይ ተቆርጦ ይቀራል። 18 ሜትር የሚሆን ሰማይ ያስፈልጋል። ስልክን ወደ ላይ ሳታጋድሉ ቀጥ አድርጋችሁ በቁም ይዛችሁ፣ በተለመደው ዋና ሌንስ፣ ያንን ቁመት ለመያዝ ወደ 25 ሜትር መራቅ አለባችሁ፣ እኔ 30 ሜትር ራቅሁ ትንሽ ትርፍ እንዲኖረኝ። ቦታው ጠበበኝ ብሎ የስልኩን ሰፊ ሌንስ መጠቀም አይመከርም፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ሁሉ ይለጥጠዋል። ፎቶውን ደግሞ አትቁረጡት! ካሜራውን መልሶ የሚያሰላው ፕሮግራም የፎቶው መሐል የሌንሱም መሐል ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከአንድ ጎን ከቆረጣችሁ ያ ግምት ይፈርሳል።

አሁን ካሜራውን እናግኝ። fSpy የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፎቶው ላይ እርስ በርስ ትይዩ የሆኑ መስመሮችን ስታሳዩት በአንድ አቅጣጫ ያሉት የት እንደሚገናኙ፣ በሌላው አቅጣጫ ያሉት የት እንደሚገናኙ አይቶ የካሜራውን ቦታና የሌንሱን ስፋት ያወጣል። ሕንፃ ባለበት ፎቶ ይሄ ቀላል ነው፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የጣሪያውን ጠርዝ ተከትሎ መሥራት ነው። ባዶ መሬት ላይ ግን ምን መስመር አለ? አፈርና ሣር ነው ያለው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የጎረቤትን ግድግዳ ይጠቀማል፣ የጎረቤቱ ግድግዳ ግን ከናንተ ሕንፃ ጋር ትይዩ ላይሆን ይችላል፣ በተለይ የድሮ ሰፈር ውስጥ አንዱም ከአንዱ ጋር ትይዩ አይደለም፣ ከዛ ሕንፃችሁ ትንሽ ዞሮ ይቆማል፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባችሁ ትቀራላችሁ።

እኔ የማደርገው ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ የሚያደርገውን ነው። በፕላኑ መሠረት የሕንፃው የፊት ማዕዘን በሚሆንበት ቦታ እንጨት ይተከላል፣ ከዛ 3 ሜትር በአንድ ጎን፣ 4 ሜትር በሌላ ጎን ተለክቶ በሁለቱ መሐል ያለው ሰያፍ ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ያንን አቅጣጫ ይዤ ሲባጎውን የፕሎቱ ጫፍ ድረስ አረዝመዋለሁ፣ ምክንያቱም አጭር መስመር ላይ የምትሠሩት ትንሽ ስህተት ሲረዝም ትልቅ ይሆናል። ደግሞ ሲባጎው መሬት ላይ ብቻ ከሆነ ከ30 ሜትር ርቀት ሲታይ ሁሉም አንድ ላይ ተኝቶ ተጣብቆ ነው የሚታየው፣ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለት ሲባጎ ነው፣ አንዱ እግር ሥር፣ አንዱ 3 ሜትር ከፍ ብሎ እንጨቱ ጫፍ ላይ። አንዱ ከዓይን በታች፣ አንዱ ከዓይን በላይ ስለሆነ ሲጠጉ ጥርት ብሎ ይታያል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ያው ተዳፋት ነው፣ ሲባጎው መሬቱን ተከትሎ እንዳይወርድ ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ ልኩ መታየት አለበት።

ቀለም ያለው ሲባጎ ተጠቀሙ፣ ነጭ ሲባጎ ደረቅ ሣር ላይ አይታይም።

ካሜራው በትክክል መውጣቱን የምታውቁበት መንገድ አለ። ፎቶ ስታነሱ ሌንሱ ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደነበር በሜትር ለኩት፣ የቆማችሁበትም ከማዕዘኑ እንጨት ምን ያህል ከፍ ወይ ዝቅ እንደሚል እዛው በቱቦው እዩት። የኔ 1.60 ነበር፣ የቆምኩበትም ከእንጨቱ ሥር ጋር እኩል ነው። fSpy ውስጥ መነሻ ነጥቡን የማዕዘኑ እንጨት ሥር አድርጋችሁ 4 ሜትሩን እንደ ታወቀ ርቀት ከሰጣችሁት በኋላ ብሌንደር ውስጥ የካሜራውን የZ ቁጥር ማየት ነው። የኔ 1.64 አካባቢ መጣ፣ 4 ሴንቲ ምንም አይደለም። 2.30 ቢመጣ ግን አንዱ መስመር ተሳስቷል ማለት ነው፣ "ይሁን በቃ" ተብሎ መታለፍ የለበትም፣ ምክንያቱም ሕንፃው ከመሬቱ ላይ ተንሳፍፎ የሚታየው በዚህ ነው።

ወደ ፀሐይዋ እንሂድ፣ እኔ ራሴ ከባዱን ስህተት የሠራሁት እዚህ ጋ ነው። ብሌንደር Sun Position የሚባል አድኦን አለው፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ስትሰጡት ፀሐይዋን ቦታዋ ላይ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ በግምት 9.03 ላቲቲዩድ፣ 38.75 ሎንግቲዩድ፣ UTC +3 ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሥራ ላይ ማስታወሻዬ ላይ "10 ሰዓት" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሲመሽ ተቀምጬ ሳስገባው እጄ 10:00 ጻፈ። ያ ማለት ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው። ፀሐይዋ በምሥራቅ በኩል ሆነች፣ ከፍታዋ ደግሞ ሲታይ ያን ያህል አያስደነግጥም፣ ስለዚህ አላየሁትም። ሥራውን ይዤ ሄጄ ሳሳይ የቦታው ባለቤት እናት ናቸው ያዩት። "ልጄ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው ጠዋት ነው፣ አንተ ያነሳኸው ግን ስንወጣ ስንገባ ያየንህ ማታ ነው" አሉኝ። እሳቸው እዛ ሰፈር ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰው ናቸው፣ ጥላውን እንደ ሰዓት ነው የሚያነቡት። ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሰዓት በማስታወሻ አልጽፍም፣ ስልኩ ፎቶው ላይ የመዘገበውን 16:00 ነው በቀጥታ የምወስደው። ቀኑም እንደዛው፣ ጥር 20 ቀን 2017 ብሌንደር ጋ ስትገቡ ጃንዋሪ 28፣ 2025 ነው።

ትክክለኛው 16:00 ሲገባ ፀሐይዋ ከአድማስ 33 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ፣ አቅጣጫዋ ከሰሜን ተነስቶ በቀኝ ሲቆጠር 241 አካባቢ፣ ማለትም ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ ያጋደለች ናት። ይሄን ማመን የለባችሁም፣ መፈተን ነው ያለባችሁ። ቦታው ላይ 1 ሜትር የሆነ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉና ደልዳላ መሬት ላይ ጥላውን ለኩት። በ33.2 ዲግሪ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ 1 ሜትር ከ53 ነው መሆን ያለበት፣ እኔ 1 ሜትር ከ55 አገኘሁ፣ ደህና ነው። አቅጣጫውን ደግሞ በስልክ ኮምፓስ አትመኑ፣ ቆርቆሮ አጥርና ፌሮ በተከመረበት ሳይት ውስጥ መርፌው ይዋሻል። በሳተላይት ካርታ የፕሎቱን አቅጣጫ ወስዳችሁ፣ ከዛ 3ዲው ውስጥ ያለው እንጨት ጥላ ፎቶው ላይ ካለው ጥላ ጋር አንድ እስኪሆን የሰሜኑን አቅጣጫ በዲግሪ ማስተካከል ነው። ሁለቱ ጥላዎች ከተደራረቡ አለቀ፣ ማንም ከዛ በላይ ማስረጃ የለውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ፣ ምክንያቱም የውጭ ቲቶሪያል የሚከታተሉ ልጆች ሁሌ የሚስቱት ነው። እነዚያ ቲቶሪያሎች "ፀሐይ በደቡብ ናት፣ የሰሜን ፊት ሁሌ ጥላ ነው" ይላሉ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ቀትር ላይ በአብዛኛው እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ሰኔ ላይ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህ ሰኔ ላይ የተነሳ ፎቶ ላይ የሰሜን ፊት ብርሃን ሲመታው አይታችሁ "ተሳስቻለሁ" ብላችሁ አታስተካክሉት።

አሁን ካርቶኑ። የቴሌቪዥን ካርቶን የሚያህል ነጭ የማያብለጨልጭ ወረቀት ለብሶ፣ ጎኖቹ ከሲባጎው ጋር ትይዩ ሆነው፣ ሕንፃው የሚቆምበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ስልኩን ከባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ሳታነቃንቁ ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ካርቶኑና እንጨቱ እያለ፣ አንዱ ሁሉም ተነስቶ። ሁለቱም በተመሳሳይ ኤክስፖዠር፣ የስልኩ ኤችዲአር ጠፍቶ፣ ከተቻለ ፕሮ ሞድ ላይ በRAW፣ ማለትም ስልኩ ሳያስተካክለው። ኤችዲአር ጥላውን እያነሳ ብርሃኑን እያወረደ ስለሚያመጣጥን ፀሐይና ጥላ በእውነት ምን ያህል እንደሚለያዩ ይደብቅባችኋል።

ያ ካርቶን የናንተ ትንሽ ሕንፃ ነው ማለት ነው። የደቡቡ ጎኑን ፀሐይ በሰያፍ ትመታዋለች፣ የምሥራቁ ጎኑ ጥላ ውስጥ ነው፣ ልክ ጂ+4ቱ እንደሚሆነው። ፎቶው ላይ የቀለም መልቀሚያውን ይዤ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ሳነብ ብርሃን ያለበት ጎን 225 አካባቢ ነው፣ የጥላው ጎን ደግሞ ቀይ 110፣ አረንጓዴ 118፣ ሰማያዊ 132። እዩት እስቲ፣ ነጭ ወረቀት ነው ግን ጥላው ሰማያዊ ነው፣ ምክንያቱም ፀሐይ ሳትደርስበት የሚያበራው ሰማዩ ነው። ጥላን በጥቁር ብራሽ የሚሠራ ሰው ፎቶው የሚሞትበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዛ ብሌንደር ውስጥ በዛው ቦታ ተመሳሳይ ካርቶን ይሠራል፣ ቀለሙ 0.8፣ የብሌንደር ዲፎልት ማቴሪያል ራሱ እሱ ነው፣ ለነጭ ወረቀት ቅርብ ነው። ሬንደር አድርጎ ቁጥሮቹን ማወዳደር ነው። ቅደም ተከተሉ እዚህ ጋ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የጥላውን ጎን አስተካክሉ፣ እዛ የሚደርሰው ሰማዩና ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን ብቻ ስለሆነ የሰማዩን ኃይልና ቀለም እያነካካችሁ 110፣ 118፣ 132 አካባቢ ታደርሱታላችሁ። ያ ከተገኘ በኋላ ፀሐይዋን ብቻ እያስተካከላችሁ የብርሃኑን ጎን 225 ታደርሳላችሁ። ከፀሐይዋ ከጀመራችሁ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ሌሊቱ ይነጋል። መሬቱንም አትርሱት፣ ከካርቶኑ ሥር የአፈሩን ቀለም የያዘ ሜዳ ከሌለ ከታች የሚመለሰው ሞቅ ያለ ብርሃን ይጠፋና የሕንፃው ታችኛው ፎቅ ይበርዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ቁጥሩ አልገጥም የሚለው በአንድ ቁልፍ ምክንያት ነው። አዲሱ ብሌንደር ሲከፈት View Transform የሚባለው የቀለም ማሳያ ምርጫ ላይ AgX ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ለሙሉ 3ዲ ትዕይንት የታሰበ ስለሆነ ነጩን ያደበዝዘዋል፣ ከኋላ ያስገባችሁትንም ፎቶ አብሮ ያጠወልገዋል። ለዚህ ሥራ Standard ላይ አድርጉት። ከዛ Cycles ላይ ሆናችሁ፣ ጀርባው ባዶ እንዲሆን Film ሥር Transparent፣ መሬቱ ላይ ደግሞ Shadow Catcher፣ ማለትም መሬቱ ራሱ አይታይም፣ የወደቀበት ጥላ ብቻ ይወጣና ፎቶው ላይ ይደረባል።

ካርቶኑ ከገጠመ ካርቶኑን አጥፍታችሁ ሕንፃውን ታመጣላችሁ። ብርሃኑን ከዚህ በኋላ አትነኩትም። ባለቤቱ "የምሥራቁን ጎን ትንሽ አብራልኝ" ቢል መልሱ ጠዋት ሄዶ ሌላ ፎቶ ማንሳት ነው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ምሥራቅ ፊት ፀሐይ አያገኝም።

ሕንፃው ሲቆም ፎቶው ላይ ያልነበሩ ነገሮች ይመጣሉ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። 18 ሜትር ሕንፃ በዛ ሰዓት 27 ሜትር ተኩል ጥላ ይጥላል፣ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን አጋድሎ። የምሥራቁ ጎረቤት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው። ጥላው መሬት ላይ ተኝቶ አይቀርም፣ አጥሩ ላይ ይወጣል፣ ግቢው ውስጥ ይወርዳል፣ ግድግዳውን ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ የጎረቤቱን ቤትና አጥር ዝርዝር የሌለው ተራ ሣጥን አድርጋችሁ 3ዲው ውስጥ ማቆምና እነሱንም Shadow Catcher ማድረግ አለባችሁ፣ ካለዚያ ጥላው በቤቱ ውስጥ አልፎ ይሄዳል።

ሁለተኛው የመብራት ምሰሶው ነው። ከፊት ከመንገዱ ዳር 9 ሜትር የሚሆን የእንጨት ምሰሶ ቆሟል፣ ፎቶው ላይ ጥላው ባዶው መሬት ላይ ረዥም ሆኖ ተዘርግቷል። ሕንፃው ሲመጣ የደቡቡ ግድግዳ ከምሰሶው 3 ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፣ ጥላው ግን በሰያፍ ስለሚሄድ ግድግዳው ጋ እስኪደርስ መሬት ላይ 6 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ከዛ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና 5 ሜትር ከፍታ ላይ ያበቃል። እኔ ምሰሶውን በሲሊንደር ሠርቼ ለካሜራው የማይታይ፣ ጥላው ግን የሚወድቅ አደረግሁት። ያቺ አንዲት ቀጭን ጥላ የመጀመሪያው ፎቅ መስኮት አጠገብ ስትወጣ ሕንፃው ያን ጊዜ ነው መንገዱ ላይ የቆመው። ምሰሶውና ሽቦዎቹ ራሳቸው ከሕንፃው ፊት ስለሆኑ ከፎቶው ላይ በማስክ ተቆርጠው በላይ ይመለሳሉ፣ ሽቦ መቁረጥ አሰልቺ ቢሆንም። ምሰሶውን በኮምፒውተር ማጥፋት ለኔ ልክ አይደለም፣ ቤት የሚገዛው ሰው ነገ በሩ ላይ ነው የሚያገኘው።

የጥላው ጠርዝም ይታያል። ፀሐይዋ ነጥብ አይደለችም፣ ከኛ ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት፣ ስለዚህ ጥላ ከጣለው ነገር 10 ሜትር ርቆ የወደቀ ጠርዝ 9 ሴንቲ ያህል ይደበዝዛል። ብሌንደር ውስጥ የፀሐይ መብራቱ Angle 0.53 አካባቢ ከሆነ ይሄ በራሱ ይመጣል። የፓራፔቱ ጥላ ጎረቤት ጣሪያ ላይ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ከወጣ ያ ቁጥር ዜሮ ነው ማለት ነው።

መስታወቱን ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ባገኘው ሰማይ ይሞላዋል፣ ከዛ የመርካቶ ጎን ያለ ሕንፃ መስኮቱ ላይ የበረዶ ተራራ ይታያል። መስታወት የሚያንጸባርቀው ከፎቶ አንሺው ጀርባና ጎን ያለውን ነው። ፎቶውን ጨርሳችሁ ስትዞሩ ከኋላችሁና ከጎናችሁ ያለውንም መንገድ በፓኖራማ አንሱት፣ እሱን ካሜራው ጀርባና ጎን ባለ ሰሌዳ ላይ ማድረግ ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ሬንደሩ ከፎቶው የበለጠ ጥርት ያለ ነው የሚሆነው፣ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ላይ ግን ቅንጣት ቅንጣት የሚል ነገርና ትንሽ ድብዝታ አለ። ፎቶውን 200 ፐርሰንት አቅርባችሁ የጎረቤቱን ግድግዳ ጠርዝ እዩና የናንተን ጠርዝ ያንን እስኪመስል አደብዝዙ፣ ትንሽ ኖይዝ ጨምሩ። የሕንፃችሁ ጥቁር ፎቶው ላይ ካለው በጣም ጥቁር ቦታ በላይ መጥቆር የለበትም። ሕንፃው መሬቱን የሚነካበት መስመርም እንዲሁ፣ እዚህ አገር ግድግዳ ሥር አፈር፣ ጠጠር፣ ሣር አለ፣ ከፎቶው ላይ ያንን ወስዶ ጠርዙን መሸፈን ነው።

ክረምት ላይ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ይሄ ሁሉ በጣም ይቀላል፣ ፀሐይዋን አጥፍቶ ሰማዩን ብቻ መተው ነው፣ ከበረንዳ ሥርና ከሕንፃው እግር አካባቢ ካለው ለስላሳ ጥላ በቀር የሚጣል ጥላ የለም። ግን ሥዕሉም ይደክማል፣ ባለቤቶች አይወዱትም።

ካርቶኑ ያለበትን ፎቶ ሥራው አለቀ ብላችሁ አታጥፉት። የዚህ ሕንፃ ባለቤት ከአራት ወር በኋላ ነው "ቀለሙን ወደ ቢጫ እንቀይረውና አንድ ፎቅ እንጨምር" ብሎ የደወለው፣ ያኔ ቦታው ተቆፍሮ መሠረቱ ወጥቶ፣ ኤክስካቫተር መሐሉ ላይ ቆሞ ነበር፣ ፎቶውን ደግሞ ማንሳት የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን የድሮውን ፋይል ከፈትኩ፣ ካርቶኑን መልሼ አሳየሁት፣ 225ቱም 110ሩም እንዳለ ናቸው፣ በዛው ማታ አዲሱን ላክሁለት።